ሲንክ ተቋርጦ ፋይል ሲጠፋ ለአገልግሎት ሰጪው ድጋፍ ክፍል የሚላክ መልእክት፦ ከዝግጅት እስከ መልስ

«ፋይሎቼ ጠፍተዋል፣ እባካችሁ መልሱልኝ» ብሎ ለክላውድ አገልግሎት ሰጪ የጻፈ ሰው የሚደርሰው መልስ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። ትራሽዎን ይመልከቱ፣ ከአካውንትዎ ወጥተው እንደገና ይግቡ፣ አፑን አጥፍተው ይጫኑ የሚል ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ጽሑፍ ይላክለታል። የመጀመሪያው ምክር አይጎዳም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ገና ወደ ክላውድ ያልተጫኑ ፋይሎች ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጠው ከሆነ የመጨረሻውን ቅጂ ሊያጠፉ ይችላሉ። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለውን መልስ የሚያስቀር፣ ባለሙያው ወዲያው ሥራ ሊጀምርበት የሚችል መልእክት እንዴት እንደሚዘጋጅ በቅደም ተከተል ያሳያል።

እስከ መጨረሻው የምንከተለው ምሳሌ አንድ ነው። በደብረ ብርሃን የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሬከርድ ሠራተኛ ለጥምቀት መንዝ ሄዳ፣ ኔትወርክ በሌለበት ሰፈር በላፕቶፕ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት ውጤት 15 ፋይሎች አዘጋጀች እንበል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል 27 ፋይሎች ቀድሞውኑ ክላውድ ላይ ነበሩ። ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ደብረ ብርሃን ተመልሳ ላፕቶፑን ከስልኳ ሆትስፖት ጋር አገናኘች፤ ሲንክ፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ ያለውን ከክላውድ ጋር ማመሳሰሉ፣ ተጀመረ፤ ሌሊት ላይ ዳታው አልቆ ተቋረጠ። ዓርብ ጠዋት በቢሮው ዴስክቶፕ ስትከፍት ከ42ቱ ፋይሎች የታዩት 27ቱ ብቻ ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት ያለውን እንዳለ ያቁሙ

ፋይል መጥፋቱን ባዩበት ደቂቃ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ ዋይፋዩን ያጥፉ ወይም ገመዱን ይንቀሉ። ከዚያ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ሲንኩን ለጊዜው ያቁሙት። ሲንክ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ በአንዱ መሣሪያ የተሰረዘውን በሌሎቹም ይሰርዛል፣ ስለዚህ ስልክዎንም አይርሱ።

ቀጥሎ ያሉትን በፍጹም አያድርጉ፦

- ከአፑ አካውንት አይውጡ፣ አፑን አያራግፉ፣ አካውንቱን ከኮምፒውተሩ አያላቅቁ።
- ትራሹን ወይም ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አያድርጉ።
- የጠፉትን ፋይሎች በዚያው ስም እንደገና አዘጋጅተው በዚያው ፎልደር አያስቀምጡ።
- ኮምፒውተሩን ፎርማት ለሚያደርግ ወይም «ለሚያጸዳ» ሰው አይስጡ።

የመጀመሪያው ክልከላ ጥንቃቄ ለማብዛት የተጻፈ አይደለም። በኖቬምበር 2023 የጎግል ድራይቭ የዴስክቶፕ አፕ ስሪት 84 ተጠቃሚዎች ገና ያልተጫኑ ፋይሎች እንደጠፉባቸው ሲያመለክቱ፣ ኩባንያው በቅድሚያ ያሳሰበው አካውንቱን ከአፑ እንዳያላቅቁና የአፑን የመረጃ ፎልደር እንዳይሰርዙ ወይም እንዳያንቀሳቅሱ ነበር። ፋይሎቹ ሊገኙ የሚችሉት ከዚያ ፎልደር ስለነበረ ነው። በዊንዶውስ ላይ ፎልደሩ የሚገኘው እዚህ ነው፦

```
%USERPROFILE%\AppData\Local\Google\DriveFS
```

የሌሎች አገልግሎቶች አፖችም እንዲህ ያለ የራሳቸው ፎልደር አላቸው። ቦታ ካለዎት አፑን ዘግተው ይህን ፎልደር ሙሉ በሙሉ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱ፤ መቅዳት እንጂ መቁረጥ አይደለም።

*ክልከላውን አስቀድመው ጥሰው ከሆነ፦* አይደብቁት። መቼና በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደጣሱት በወረቀት ይያዙ፤ በደረጃ 4 ላይ የመልእክቱ ዋና ክፍል ይሆናል።

2. ፋይሎቹ በእርግጥ የት እንደሌሉ ያረጋግጡ

ድጋፍ ሰጪው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ፋይሎቹ ወደ ክላውድ ደርሰው ከዚያ ጠፉ ወይስ መጀመሪያውኑ አልደረሱም የሚለውን ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፣ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም። የደረሰን ፋይል አገልግሎት ሰጪው ከራሱ ማከማቻ ሊመልስ ይችላል። ያልደረሰን ፋይል ማንም ባለሙያ ከክላውድ ሊያወጣው አይችልም፤ ያለው ተስፋ ላፕቶፑ ላይ ነው።

ለማወቅ በአፑ ሳይሆን በብራውዘር ወደ አካውንቱ ይግቡ፤ ቢቻል በሌላ ኮምፒውተር ይሁን። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ይመልከቱ።

ሀ. ፎልደሩን ይክፈቱና ፋይሎቹን ይቁጠሩ። በብራውዘር የሚታይ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ግን የማይታይ ፋይል አልጠፋም፤ ያ ፎልደር በዚያ መሣሪያ ላይ እንዲወርድ አልተመረጠም ማለት ሊሆን ይችላል።

ለ. በፋይል ስም ይፈልጉ። ስሙ በአማርኛ ከሆነ በተለያየ አጻጻፍ ይሞክሩ፤ «ሒሳብ» ተብሎ የተቀመጠ ፋይል «ሂሳብ» ተብሎ ሲፈለግ ላይመጣ ይችላል።

ሐ. ትራሹን ይክፈቱ። እዚያ ካሉ ይመልሷቸውና መልእክቱን ይተዉት።

መ. የእንቅስቃሴ መዝገቡን ይመልከቱ። ፋይሉ መቼ እንደተጫነ፣ ማን እንደሰረዘው የሚያሳየው ገጽ ይህ ነው። «ተሰርዟል» የሚል መስመር ካለ ፋይሉ ደርሶ ነበር። ምንም መስመር ከሌለ አልደረሰም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሠ. ሌላ አካውንት ካለዎት እዚያም ይመልከቱ። የግልና የትምህርት ቤት አካውንት በአንድ ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ፋይሉ በሌላኛው ውስጥ መገኘቱ የተለመደ ነው።

በምሳሌያችን ሠራተኛዋ በብራውዘር 27 ፋይል ብቻ አገኘች፣ ትራሹ ባዶ ነው፣ በእንቅስቃሴ መዝገቡም ስለ 15ቱ አንድም መስመር የለም። ስለዚህ ጥያቄዋ «መልሱልኝ» መሆኑ ቀርቶ «ደርሷችሁ ነበር ወይ? ካልደረሳችሁ ላፕቶፑ ላይ የት ልፈልግ?» ይሆናል።

3. ቀንና ሰዓቱን ወደ እነሱ አቆጣጠር ይለውጡ

መልእክቶች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ድጋፍ ሰጪው የአገልጋዩን፣ ማለትም ፋይሎች የሚቀመጡበትን የአገልግሎት ሰጪውን ኮምፒውተር፣ መዝገብ የሚፈልገው በሰዓት ነው። እርስዎ «ሌሊት 7:20» ብለው የላኩትን ከቀትር በኋላ 7:20 አድርጎ ከወሰደው የሚመረምረው ምንም ያልተፈጸመበትን ሰዓት ይሆናል፤ መልሱም «በተባለው ጊዜ የታየ ችግር የለም» ነው።

ሁለት ነገሮችን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ቀኑን ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ወደ ዩቲሲ። ዩቲሲ ከኢትዮጵያ ሰዓት በ3 ሰዓት ወደኋላ የሆነ፣ አገልጋዮች መዝገባቸውን የሚይዙበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው።

ቀኑን በካላንደር አፕ ወይም በግድግዳ ካላንደር ይለውጡ እንጂ በቃል አይለውጡ። ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጃንዋሪ 22 ቀን 2026 ነው፤ ነገር ግን ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ይኸው ጥር 14 በአንድ ቀን ገፍቶ ጃንዋሪ 23 ላይ ይውላል። ወሩንም በቁጥር አይጻፉት። 02/01/2026 ለአንዱ ጃንዋሪ 2፣ ለሌላው ፌብሩዋሪ 1 ስለሆነ የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ።

ለሰዓቱ አጭር ስሌት አለ። በእኛ አቆጣጠር የቀን ሰዓት ከሆነ 3 ይደምሩ፤ የማታና የሌሊት ሰዓት ከሆነ 15 ይደምሩ። 12 ሰዓት ከምናምን ሲሆን 12ን እንደ 0 ይቁጠሩት። ለምሳሌ ከጠዋቱ 2:45 በዩቲሲ 5:45 ነው። ከምሽቱ 4:10 ደግሞ 19:10 ነው።

ሌሊቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሠራተኛዋ ሲንኩ የተቋረጠው «ሐሙስ ሌሊት 7:20» ነው ትላለች። እኛ ቀኑን እስኪነጋ ድረስ ሐሙስ እንላለን፤ በላፕቶፑ ሰዓት ግን ዓርብ ጃንዋሪ 23፣ 1:20 ሆኗል። በዩቲሲ ሲሰላ 7:20 ሲደመር 15፣ ማለትም ሐሙስ ጃንዋሪ 22፣ 22:20 ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት የሆነ ነገር ሁሉ በዩቲሲ ሌሊቱ በጀመረበት ቀን ይጻፋል፤ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ድምሩ 24 ስለሚሞላ 24ን ይቀንሱና ወደሚቀጥለው ቀን ይሻገሩ።

*የኮምፒውተሩ ሰዓት ራሱ የተሳሳተ ከሆነ፦* መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ዓመቱን ወደኋላ የሚመልስ አሮጌ ዴስክቶፕ በየቢሮው አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ከአገልጋዩ ጋር የሚያደርገው ደኅንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት ውድቅ ስለሚሆን ሲንክ ላያደርግ ይችላል፤ የሚያስቀምጣቸው ፋይሎችም የሐሰት ቀን ይይዛሉ። ሰዓቱን ከማስተካከልዎ በፊት ማያ ገጹን በስልክ ፎቶ ያንሱና ይህንኑ በመልእክቱ ይጥቀሱ። የሰዓት ቀጠናውም በዊንዶውስ `(UTC+03:00) Nairobi` የሚለው መሆኑን ይመልከቱ።

4. የሞከሩትን በተሞከረበት ቅደም ተከተል ይመዝግቡ

ብዙ ሰው ይህን ክፍል «ሁሉንም ሞክሬያለሁ» ብሎ ያልፈዋል። ይህ ዐረፍተ ነገር ለባለሙያው ምንም አይነግረውም፤ ስለዚህ ሁሉንም እንደገና እንዲሞክሩ ያዝዝዎታል። ለእያንዳንዱ ሙከራ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በየትኛው መሣሪያ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከሙከራው በኋላ ምን ተለወጠ። ምንም ካልተለወጠ «ምንም አልተለወጠም» ይበሉ።

በምሳሌያችን አንድ የሥራ ባልደረባ ሊረዳት ብሎ ዓርብ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ በላፕቶፑ ከአፑ ወጥቶ እንደገና ገባ። እስከዚያ ድረስ 15ቱ ፋይሎች ላፕቶፑ ላይ ይታዩ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ፎልደሩ በክላውድ ያለውን ብቻ ይዞ 27 ሆነ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፣ ባልደረባንም ማሳጣት ይመስላል። ሆኖም ከመልእክቱ ሁሉ የሚጠቅመው መስመር ይኸው ነው፤ ፋይሎቹ እስከዚያ ሰዓት በላፕቶፑ ዲስክ ላይ እንደነበሩና ፍለጋው ከየት መጀመር እንዳለበት ያሳያል። ሰውየውን በስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ድርጊቱና ሰዓቱ ይበቃሉ።

5. መሣሪያዎቹን ይዘርዝሩ

ለእያንዳንዱ መሣሪያ ስሙን፣ የዊንዶውሱን ወይም የአንድሮይዱን ስሪት፣ የአፑን ስሪትና የነበረበትን ግንኙነት ይጻፉ። የአፑ ስሪት በአፑ ማስተካከያ ገጽ ላይ ይገኛል። የኮምፒውተሩን ስምና የዊንዶውሱን ስሪት Command Prompt በሚባለው የትእዛዝ መስኮት ውስጥ እነዚህን በመጻፍ ያገኛሉ፦

```
hostname
winver
```

የሚጠቀሙበትን መሣሪያ ሁሉ ያስገቡ፤ ፋይል ለማየት ብቻ የሚከፍቱበት ስልክም ይቆጠራል።

6. መልእክቱን ይጻፉ

አገልግሎት ሰጪው የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ከሆነ መጀመሪያ በአማርኛ አርቅቀው ያስተርጉሙት፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ድርጊት ብቻ ይሁን። የፋይል ስምንና በማያ ገጹ ላይ የታየውን የስሕተት ጽሑፍ ግን አይተርጉሙ፤ ፊደል ሳይለወጥ ይገልበጡ።

በርዕሱ ላይ የጠፋውን ብዛት፣ ቀኑንና ምክንያቱን ያስገቡ። «አስቸኳይ እርዳታ» የሚል ርዕስ ምንም አይጨምርም። የሠራተኛዋ መልእክት ይህን ይመስላል፦

> ርዕስ፦ ጃንዋሪ 22 ቀን 2026 ሲንክ ከተቋረጠ በኋላ 15 የኤክሴል ፋይሎች አልተገኙም
>
> ለድጋፍ ክፍሉ፦
>
> በዚህ አካውንት `Wutet_2018_S1` በሚባል ፎልደር ውስጥ መኖር ከነበረባቸው 42 ፋይሎች 15ቱ የሉም። የጎደሉት ስማቸው በ«11» እና በ«12» የሚጀምሩት ናቸው፤ ሙሉ ዝርዝራቸው ተያይዟል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በዩቲሲ ናቸው።
>
> የሆነው፦ 15ቱ ፋይሎች ኢንተርኔት በሌለበት በላፕቶፕ ላይ ተዘጋጁ። ጃንዋሪ 22፣ 19:10 ላይ ላፕቶፑ በሞባይል ሆትስፖት ተገናኝቶ ሲንክ ተጀመረ። በዚያን ሰዓት 42ቱም ፋይሎች በላፕቶፑ ላይ ነበሩ። 22:20 ላይ ግንኙነቱ ተቋርጦ `Can't sync 15 files` የሚል ጽሑፍ ታየ። ጃንዋሪ 23፣ 5:45 ላይ የቢሮው ዴስክቶፕ ሲከፈት 27 ፋይሎች ብቻ ታዩ።
>
> መሣሪያዎች፦ ላፕቶፕ `HP-LAPTOP`፣ ዊንዶውስ 11። ዴስክቶፕ `RECORD-PC`፣ ዊንዶውስ 10። አንድሮይድ ስልክ፣ ለማየት ብቻ። የአፑ ስሪቶች በተያያዘው ስክሪንሾት ላይ ይታያሉ።
>
> የተሞከሩ፦ (1) ጃንዋሪ 23፣ 6:10 ላይ በብራውዘር ፎልደሩ ታየ፤ 27 ፋይሎች። (2) 6:15 ላይ ትራሹ ታየ፤ ባዶ ነው። (3) 6:20 ላይ የእንቅስቃሴ መዝገቡ ታየ፤ ስለ 15ቱ ፋይሎች ምንም መስመር የለም። (4) 8:00 ላይ በላፕቶፑ ከአፑ ተወጥቶ እንደገና ተገባ፤ እስከዚያ ይታዩ የነበሩት 15 ፋይሎች ከላፕቶፑም ጠፉ። ከ8:15 ጀምሮ ሲንክ በሁሉም መሣሪያዎች ቆሟል፤ ላፕቶፑም ጥቅም ላይ አልዋለም።
>
> ጥያቄዎቼ፦ (ሀ) ጃንዋሪ 22 ከ19:10 እስከ 22:20 ባለው ጊዜ ከ15ቱ ፋይሎች ወደ አገልጋያችሁ የደረሰ አለ? (ለ) ካለ እንዲመለስ እጠይቃለሁ። (ሐ) ከሌለ አፑ ያልተጫኑ ፋይሎችን በላፕቶፑ ላይ በየትኛው ፎልደር ያስቀምጣል? ከአካውንት ከወጡ በኋላስ ይቀራሉ?
>
> ከአፑ መውጣት ወይም እንደገና መጫን ተጨማሪ መረጃ ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ያንን ከማዘዛችሁ በፊት ለጥያቄ (ሐ) መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

በመልእክቱ ውስጥ ምሬት እንደሌለ ልብ ይበሉ። ስለ ወላጆች መጠበቅ፣ ስለ ርእሰ መምህሩ ቁጣ መጻፍ ይቻላል፤ ግን አንባቢው ከሰዓቶቹ በፊት የሚያልፈው ጽሑፍ ከመሆን ሌላ የሚፈይደው የለም።

7. የሚያያዘውና የማይያያዘው

የጠፉትን ስሞች ዝርዝር፣ የስሕተቱን ስክሪንሾት፣ የእንቅስቃሴ መዝገቡን ስክሪንሾት ያያይዙ። ስሞቹ በአማርኛ ከሆኑ በጽሑፍም በስክሪንሾትም ይላኩ፤ ባለሙያው ፊደሉን ባያነብም ገልብጦ ሊፈልግበት ይችላል። ሎግ የሚባለውን የአፑን የሥራ መዝገብ ካልጠየቁዎት አይላኩ፤ ከጠየቁ በራሳቸው የድጋፍ ገጽ በኩል ብቻ ይላኩ።

የተማሪ ስምና ውጤት የሚታይበትን ሁሉ ይሸፍኑ። የይለፍ ቃልና በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይስጡ። ፋይል እንደጠፋብዎ በቴሌግራም ግሩፕ ከጻፉ «የድጋፍ ክፍሉ ነኝ» ብሎ በውስጥ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ አታላይ ነው።

8. የት እንደሚላክና እስከ መቼ

መልእክቱን በአፑ ወይም በድረ ገጹ ውስጥ ባለው የእርዳታ ገጽ በኩል፣ በራሱ በችግሩ አካውንት ገብተው ይላኩ። አካውንቱ የድርጅት ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ መጀመሪያ አካውንቶቹን ለሚያስተዳድረው የአይሲቲ ባለሙያ ያድርሱ፤ እርስዎ የማያዩትን እሱ ሊመልስ ይችላል። ለምሳሌ በጎግል የድርጅት አካውንት ከትራሽ የጠፋን ፋይል አስተዳዳሪው እስከ 25 ቀን ድረስ መመለስ ይችላል።

ቀነ ገደቡን ይያዙ። የጎግል ድራይቭ ትራሽ፣ የግል ዋንድራይቭ ሪሳይክል ቢንና የነጻ ድሮፕቦክስ የተሰረዘ ፋይል የሚቆየው 30 ቀን ነው፤ የሥራና የትምህርት ቤት ዋንድራይቭ በመደበኛው 93 ቀን ይቆያል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ የመጀመሪያው ስሌት ቀላል ነው፤ ጥር 15 የተሰረዘ ፋይል የካቲት 15 ላይ ጊዜው ያበቃል።

9. መልሱ ሲመጣ

*የተዘጋጀ መልስ ከመጣ፦* አዲስ ጉዳይ አይክፈቱ፤ አዲስ ጉዳይ ወደ ሌላ ሰው ይሄድና ከዜሮ ይጀመራል። በዚያው መልእክት ላይ የጉዳይ ቁጥሩን ጠቅሰው «የጠየቃችሁት በሙከራ 2 እና 4 ላይ ተመልክቷል፤ ለጥያቄ (ሀ) መልስ እጠብቃለሁ፤ ጉዳዩ የአገልጋይ መዝገብ ማየት ወደሚችል ባለሙያ እንዲተላለፍልኝ እጠይቃለሁ» ብለው ይመልሱ።

*«ወደ እኛ አልደረሰም» ካሉ፦* በክላውድ በኩል ያለው መንገድ ተዘግቷል። ላፕቶፑን ሳይጠቀሙበት ያቆዩና በነገሩዎት ፎልደር ይፈልጉ። ፋይሉ የሌለ ከሆነ ከዲስክ ላይ የተሰረዘ መረጃ ወደሚያወጣ ባለሙያ ይውሰዱት። ኤስኤስዲ የሚባለው የዲስክ ዓይነት ያለው ላፕቶፕ የተሰረዘን ቦታ በራሱ ስለሚያጸዳ እዚህ ላይ ተስፋው ጠባብ ነው፤ በየቀኑ መክፈትና መዝጋቱም ይበልጥ ያጠብበዋል።

*ፋይሎቹ ከተመለሱ፦* ሲንኩን ወዲያው አይክፈቱ። በብራውዘር ፋይሎቹን ይቁጠሩ፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንዱን ከፍተው ውስጡ ባዶ አለመሆኑን ይመልከቱ፣ ሁሉንም አውርደው ወደ ፍላሽ ይቅዱ። ከዚያ ሲንኩን በአንድ መሣሪያ ብቻ ይክፈቱ፤ ቁጥሩ 42 ሆኖ ከቆየ ሁለተኛውን ይጨምሩ። «ጉዳዩ ተፈትቷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አዎ ብለው የሚመልሱት ዴስክቶፑም ላፕቶፑም 42 ካሳዩ በኋላ ነው፤ ጉዳዩ አንዴ ከተዘጋ በዚያው ቁጥር እንደገና ማስከፈት ሁልጊዜ አይቻልም።